ሁለቱን ሰዓቶች መቀነስ፦ ከቤንች ደብተሬ

ከአምስት ወር በፊት ጉልበቴን አሞኝ ከሜዳ ወጣሁ። በቅዳሜ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ውስጥ ቦታዬ ቤንች ሆነ። ዝም ብዬ መቀመጡ ሲሰለቸኝ ደብተር ያዝኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ማንም ሰው የሚጽፈውን ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ሳተ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ለምን እንደተሸነፍን ምንም አይነግሩኝም። ስለዚህ ዓምዶቹን ቀየርኩ። አሁን የምመዘግበው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ኳሱ ሲወረወር ለማጥቃት የተሰጠውን ጊዜ በሚቆጥረው ሰዓት፣ በሾት ክሎኩ ላይ፣ ስንት ሰከንድ እንደቀረ፣ ከዚያ ደግሞ በዚያች ሰዓት የሁለቱ ቡድኖች የፋውል ቁጥር።

የምንጫወተው በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ ነው። አራት ኳርተር፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ ኳሷም ሪንጉን መንካት አለባት። አጥቂው ስቶ ሪንግ ነክታ የተመለሰችውን ኳስ፣ ሪባውንዱን፣ ራሱ ከያዘ የሚሰጠው አዲስ 24 አይደለም፣ 14 ነው። ተጫዋች አምስተኛ ፋውሉን ሲሠራ ይወጣል። ቡድን ደግሞ በአንድ ኳርተር አራት ከሞላ፣ ከዚያ በኋላ ሲከላከል ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ፋውል ተቃራኒው ሁለት ነፃ ውርወራ ያገኛል። የአሜሪካውን ሊግ ኤንቢኤ የምታዩ ሰዎች ቁጥሮቹ ትንሽ እንደሚለያዩ ታውቃላችሁ። እዚያ ኳርተሩ 12 ደቂቃ ነው፣ ተጫዋች የሚወጣውም በስድስተኛው ፋውል ነው። ስሌቱ ግን ያው ነው።

የመጀመሪያው ወር ደብተር አንድ ነገር አሳየኝ። እኛ 24 ሰከንድ ኖሮን አያውቅም። ጨዋታ የሚመራው ፖይንት ጋርዳችን ኳስ ተቀብሎ እየተዝናና ያነጥራል። ግማሽ ሜዳውን ለመሻገር 8 ሰከንድ ይፈቀዳል፣ እሱም ሰባቱን ይጠቀምባቸዋል። ከዚያ እጁን አንስቶ ጨዋታ ይጠራል፣ ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ በቃ 12 ሰከንድ ቀርቷል። ተከላካዩን መንገድ ለመዝጋት የምንቆመው የመጀመሪያው ስክሪን ካልሠራ ለሁለተኛ ሙከራ ጊዜ የለም። አንዱ ከሩቅ ወርውሮ ይገላገላል። አንዳንድ ቡድኖች ሙሉ ሜዳ የሚጫኑን ኳስ ሊቀሙን ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ልከው ጋርዳችንን ወዲያ ወዲህ ያስኬዱታል። የሚቀሙን ሦስትና አራት ሰከንድ ነው። ይህን ካወቅን በኋላ የሰጠነው መመሪያ አንድ ነው፤ ሰዓቱ 20 ሳይደርስ ተሻገር። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ለማስለመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ታሪኩ ደስ ስለሚል። እ.ኤ.አ. በ1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ። የአንድ ኳርተር ውጤት አይደለም፣ የሙሉ ጨዋታ ነው። ኳስ ይዞ መቆም የሚከለክል ነገር አልነበረም፤ ፒስተንስም ይዘው ቆሙ። በ1954 የሲራኪውስ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ ቀላል ሒሳብ አቀረበ። ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2880 ሰከንድ ነው። ደስ በሚል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው ወደ 120 ጊዜ ይወረውራሉ። ሲካፈል 24። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። በዚያው ወቅት የቡድን ፋውል ገደብም አብሮ ገባ። ሰዓቱ ብቻውን ቢገባ ኖሮ ተከላካዩ አጥቂውን ደጋግሞ በፋውል ማቆም ይችል ነበር። ሁለቱ ሕጎች አንድ ላይ የተወለዱ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ለስንት ዓመት ለየብቻ ሳያቸው ኖሬያለሁ።

አንድ ላይ ማየት የጀመርኩት በአንድ ጨዋታ ሦስተኛ ኳርተር መጨረሻ ላይ ነው። በሁለት ነጥብ እየተመራን ነው። ኳርተሩ ሊያልቅ 36 ሰከንድ ሲቀር ሪባውንድ ያዝን። 24ቱን ሙሉ ብንጠቀም የምንወረውረው 12 ሰከንድ ሲቀር ነው፤ የመጨረሻዋ ኳስ የእነሱ ትሆናለች። አንድ ለአንድ። ቶሎ ብንወረውር ግን እነሱ ኳሱን ሲይዙ ወደ 29 ሰከንድ ይቀራል። ቢጎትቱት እንኳ አምስት ሲቀር መወርወር ግዴታቸው ነው። ከዚያ ኳሷ ወደ እኛ ትመለሳለች። ሁለት ለአንድ። ጋርዳችን ይህን ተለማምዶት ስለነበር 31 ሰከንድ ላይ ጥግ ለቆመው ልጅ አቀበለው። ልጁም ሦስት ነጥብ አገባ። በአንድ መራን። እነሱ ጎትተው ጎትተው ሰባት ሰከንድ ሲቀር ወረወሩና ሳቱ። እኛ በስድስት ያዝን። ቤንቹ ቆመ፣ እኔም ባንድ እግሬ።

ጋርዳችን እየሮጠ ግማሽ ሜዳ ሲደርስ ተከላካዩ እጁን ወደ ኳሷ ሰዶ ክንዱን መታው። ፋውል። 3.9 ሰከንድ። ከጎን አስገባን፤ ኳሷ እጅ እንደነካች እንደገና ፋውል። 2.4 ሰከንድ። ነፃ ውርወራ የለም። ለምን? በዚያ ኳርተር የነበራቸው ሁለት ፋውል ብቻ ነበር። እነዚህ ሦስተኛና አራተኛ ናቸው፣ ሁለቱም በነፃ። በቀረችው 2.4 ሰከንድ ከሩቅ ወረወርን፣ ሪንጉንም አልነካ። ሰዓቱን አስልተን ያገኘናትን ትርፍ ኳስ፣ እነሱ ቆጥበው ባስቀመጡት ፋውል ገደሏት። በዚያ ሌሊት ደብተሬ ላይ ሁለቱን ዓምዶች በአንድ መስመር አገናኘኋቸው።

ልብ በሉ፣ እንደዚህ ዓይነት ፋውል ጥበብ አለው። እጁ ወደ ኳሷ መሄድ አለበት። ሰውየውን ዝም ብሎ ቢያቅፈው ዳኛው ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ይለዋል፤ ያኔ ነፃ ውርወራም ኳስም ለእኛ ነው። ሰውየው መወርወር ሳይጀምርም መሆን አለበት። ያ ልጅ ሁለቱንም በትክክል ነው የሠራው። በኋላ እጁን ጨብጬዋለሁ።

እኛ ግን በዚያው ኳርተር አራተኛ ፋውላችንን የጨረስነው ገና አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ገልብጬ ሳየው ሁለቱ የተሠሩት ኳስ ከጠፋን በኋላ በንዴት፣ እዚያው በተቃራኒው ሪንግ ሥር ነው። ምንም የማያድን ፋውል። በጨዋታው መካከል የሚሠራ እንዲህ ያለ ፋውል ዋጋው የሚታየው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነው።

ታዲያ ፋውል መቆጠብ ሁልጊዜ ጥሩ ነው? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ እስከ አንድ ሽንፈት ድረስ። አራተኛ ኳርተር፣ 38 ሰከንድ ቀርቷል፣ በሦስት ነጥብ እንመራለን ብል ደስ ባለኝ፤ የሚመሩን ግን እነሱ ናቸው። ኳሱ የእነሱ ነው፣ ሾት ክሎኩ ሙሉ 24። የእኛ ፋውል ሁለት። ልጆቹ 20 ሰከንድ ግሩም አድርገው ተከላከሉ። ሾት ክሎኩ ላይ 4 ቀረ፣ ተቃራኒው ግራ ገባው። በዚች ቅጽበት ከቤንቻችን አንዱ «ፋውል!» ብሎ ጮኸ። ተከላካያችንም ታዘዘ።

ሦስተኛ ፋውላችን ስለሆነ ነፃ ውርወራ የለም፤ ኳሱን ከጎን ያስገባሉ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይኼን ነው፦ በእነሱ የማጥቃት ክልል እንዲህ ፋውል ሲሠራ ሾት ክሎኩ ላይ 13 ወይም ከዚያ በታች ከቀረ፣ ወደ 14 ይመለሳል። እኛ አራት ሰከንድ የቀራቸውን ሰዎች አሥራ አራት ሰጠናቸው። ጨዋታው ላይ የቀረው 18 ነው። አሁን ብንጠብቅ ኳሱን የምናገኘው አራት ሰከንድ ሲቀር ነው። ስለዚህ እንደገና ፋውል፣ አራተኛ፣ 15 ሰከንድ። አሁንም ነፃ ውርወራ የለም። እንደገና፣ አምስተኛ፣ 11 ሰከንድ። ሁለቱንም አገቡ። አምስት ነጥብ። አለቀ።

ዝም ብለን ብንከላከል ኖሮ? 14 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ወይ ወርውረው ይስታሉ፣ ወይ ሰዓቱ ይጮኽባቸዋል። በሦስት ነጥብ ልዩነት፣ ኳስ በእጅ፣ 13 ሰከንድ። ሊያገቡም ይችሉ ነበር፣ እሱን አልክድም። ግን ያን ውርወራ አራት ሰከንድ ቀርቷቸው በተቸገሩበት ሰዓት ቢወረውሩት ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከቤንች የምጮኸው አንድ ቃል ነው፤ «ቀንሱ!» ከጨዋታው ሰዓት ላይ ሾት ክሎኩን ቀንሱ ማለቴ ነው። 38 ሲቀነስ 24፣ 14። ይህ ልዩነት ወደ እኛ የሚመለሰው ጊዜ ነው። ከስምንት በላይ ከሆነ እንከላከላለን። ከአምስት በታች ከሆነ ወዲያው ፋውል። መካከል ያለው ያከራክራል፤ አሰልጣኛችንና እኔ እስካሁን አልተስማማንም። ፋውል ከሆነ ምርጫችን ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ አራት ሞልተናል ወይ? ካልሞላን እያንዳንዷ የጎደለች ፋውል ሦስት ሰከንድ ያህል ትበላለች። ለዚህ ነው አሁን በአራተኛው ኳርተር ከኋላ ስንሆን፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ተከላካዮቹን ትንሽ ጠንከር በሉ የምንላቸው። ስንመራ ደግሞ እጅ ወደ ኋላ።

ስለ ተጫዋች ፋውል አጭር ነገር ልበል። በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት የሠራን ሰው እስከ ዕረፍት ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ሴንተራችን በዚህ ምክንያት ብዙ ደቂቃ ከእኔ ጋር ተቀምጧል፤ ብዙውን ጊዜም ጨዋታውን የሚጨርሰው በሦስት ፋውል ነው። አምስት እንዳይሞላ ብለን ራሳችን አስወጣነው ማለት ነው። እኔ ብሆን ቶሎ እመልሰው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ስሌቱ ተፈተነ። አራተኛ ኳርተር፣ 27 ሰከንድ፣ በሁለት ነጥብ ከኋላ ነን፣ ኳሱ የእነሱ፣ 24 ሙሉ። ልዩነቱ ሦስት። እኔ ሳልጮህ ልጆቹ ራሳቸው ወዲያው ፋውል ሠሩ። አራት ሞልተን ስለነበር ቀጥታ ወደ ነፃ ውርወራ። አንዱን ሳተ፣ አንዱን አገባ። እኛ ሄደን ሦስት ነጥብ አገባን፤ እነሱ በመጨረሻዋ ኳስ ሳቱ። እኩል። ዘለልኩ፣ ጉልበቴንም ረሳሁት።

ተጨማሪው አምስት ደቂቃ ሲጀመር ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው የፋውል ምልክት አልተነሳም። በፊባ ሕግ ተጨማሪ ሰዓት የአራተኛው ኳርተር ቀጣይ ነው፤ ፋውሉም ይቀጥላል። እኛ አምስት፣ እነሱ ሁለት። ገና በመጀመሪያው ጥቃታቸው ሰብረው ገቡ፣ እጅ ነካ፣ ሁለት ነፃ ውርወራ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በአራት ነጥብ ተሸነፍን። ደብተሬ ላይ ለተጨማሪ ሰዓት የተለየ ገጽ ከፍቻለሁ፤ እስካሁን ያለበት አንድ መስመር ነው።