«ሲፒኦውን በማን ስም ላሠራ?»

መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስና ፍራሽ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ቤት ላይ የደረሰው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ቤቱ ለጨረታ እንግዳ አይደለምና። ሒሳብ ሠራተኛዋ ለጨረታ ማስያዣ የሚሆነውን የባንክ ክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦ የሚባለውን፣ ማሠራትና ማስመለስ የዘወትር ሥራዋ ነው። ሌቦቹ የገቡት ደግሞ ቤቱ በለመደው በዚሁ በር ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደወለ። የአንድ ዓለም አቀፍ የዕርዳታ ድርጅት የግዥ ኃላፊ ነኝ አለ። ለተፈናቃዮች 3,000 ብርድ ልብስ በአስቸኳይ ይፈለጋል ብሎ የዋጋ መጠየቂያ ደብዳቤ በቴሌግራም ላከ። ደብዳቤው ዓርማ፣ ቁጥር፣ ቀንና ክብ ማኅተም ነበረው። ቤቱ አንዱን በ1,150 ብር አቀረበ፤ በጠቅላላው 3,450,000 ብር መሆኑ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ሰው መልሶ ደወለ፦ አሸንፋችኋል፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የቀረው የጨረታ ማስከበሪያ 2 በመቶ፣ ማለትም 69,000 ብር ማስያዝ ብቻ ነው።

«ሲፒኦውን በማን ስም ላሠራ?» አለችው።

«ሲፒኦ እስክታሠሪ ባንክ ይዘጋል። የሒሳብ ቁጥር ልላክልሽ፣ በሞባይል አስገቢና ስክሪንሾቱን ላኪልኝ።»

«ሒሳቡ የድርጅቱ ነው?»

«የፋይናንስ ኃላፊያችን ነው። የድርጅቱ ሒሳብ ኦዲት ላይ ስለሆነ እስከ ሰኞ አይንቀሳቀስም። እኅቴ፣ ከእናንተ በኋላ ተራ የሚጠብቅ አለ፤ እስከ 10 ሰዓት ካልገባ ለሌላው አሳልፈዋለሁ።»

ልጅቷ የተላከላትን ቁጥር የባንኩ መተግበሪያ ላይ አስገባችው። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል፤ የወጣው የአንድ ግለሰብ ስም ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሰው ስም ነው፤ እኔ አልክም» አለች። ባለቤቱ የሦስት ሚሊዮን ብር ሥራ በስልሳ ዘጠኝ ሺህ ብር አይበላሽም ብለው ከራሳቸው ስልክ ላኩት። ሰኞ ጠዋት ሰውየው እንደገና ደወለ፤ አሁን ደግሞ የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ፣ 345,000 ብር አምጡ አለ። የድርጅቱን የቢሮ ስልክ ፈልገው የደወሉት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ግዥ የለንም ተባሉ።

የልጅቷ የመጀመሪያ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ገልጦት ነበር። ሲፒኦ ለማሠራት ባንክ ሄዶ ፎርም ሲሞላ ባንኩ መጀመሪያ የሚፈልገው የተከፋዩን ስም ነው። ገንዘቡ ከሒሳብህ ይቀነሳል፤ ነገር ግን ወደ ማንም ሒሳብ አይገባም። በመሥሪያ ቤቱ ስም የወጣውን ወረቀት ከጨረታ ሰነዱ ጋር በታሸገ ፖስታ ታስገባለህ። ካላሸነፍክ ወረቀቱ ይመለስልሃል፣ ባንክ ወስደህ ታስሰርዘዋለህ፣ ብርህም ወደ ሒሳብህ ይመለሳል። የባንክ ዋስትና የሚባለውም እንዲሁ በገዢው ተቋም ስም የሚጻፍ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ ያኔም የሚከፈለው እዚያው ገንዘብ ቤቱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ደረሰኝም ይቆረጣል። ማስከበሪያው ግለሰብ ኪስ የሚገባበት ትክክለኛ መንገድ የለም። ሌባው ሲፒኦን የሚሸሸው ለዚህ ነው፤ በእውነተኛው ድርጅት ስም የወጣ ወረቀት እሱ እጅ ቢገባ እንኳ ባንክ ሄዶ ሊመነዝረው አይችልም።

ሁለተኛው ምልክት ቅደም ተከተሉ ነው። ማስከበሪያ ማለት ተጫራቹ ዋጋ ካስገባ በኋላ እንዳያፈገፍግ የሚያስይዘው ዋስትና ስለሆነ ከዋጋው ጋር አብሮ ነው የሚገባው። ሳጥኑ ሲከፈት ተጫራቾች ባሉበት ማን ስንት እንዳስያዘ ይነበባል፣ ያላስያዘም ያኔውኑ ይወድቃል። ካሸነፍክ በኋላ የሚጠየቅ የጨረታ ማስከበሪያ ትርጉም የለውም፤ ከአሸናፊ የሚጠየቀው የውል ማስከበሪያ ነው፣ እሱም ከውሉ ጋር የተያያዘ ነው። በደብዳቤ ዋጋ በሚሰበሰብበት የፕሮፎርማ ግዥ ደግሞ በተለምዶ የጨረታ ማስከበሪያ አይጠየቅም። እዚህ ቤት የመጣው ወረቀት ፕሮፎርማ ነበር፤ ማስከበሪያ የተጨመረበት ዋጋው ከታወቀ በኋላ ነው።

የገንዘቡ መጠንም ይናገራል። በፌዴራል መንግሥት ግዥ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ልክ ከተገመተው ዋጋ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ሌባው ይህን ያውቃል፣ 2 በመቶ ያለውም ለዚያ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ቁርጥ ያለ ብር ነው፤ ለሁሉም ተጫራች እኩል። ማስከበሪያው ከየራስ ዋጋ ተሰልቶ ቢያዝ ሲፒኦውን ያየ ሰው ሁሉ የተጫራቹን ዋጋ ያውቅ ነበር። 69,000 ብሩ ግን የቤቱን ዋጋ አይቶ የተሰላ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የተመረጠበትም ምክንያት አለው። እስከ ሰኞ የድርጅቱን ቢሮ ማግኘት ከባድ ነው፤ የ10 ሰዓቱ ገደብም ሌላ ሰው ለማማከር ጊዜ እንዳይኖር ነው። ለማጣራት ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር መደወል አይጠቅምም፤ የሚያነሳው ያው ሰው ነው። የድርጅቱን ቁጥር ከራሱ ድረ ገጽ ወይም ከዚህ በፊት ሥራ ከሠራንበት ወረቀት ላይ መውሰድ፣ ከተቻለም በአካል ቢሮ ድረስ መሄድ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግልጽ ጨረታው በጋዜጣ ወይም በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ላይ መውጣቱን ማየት ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም በየትኛውም የግዥ ደረጃ ክፍያ እንደማይጠይቁ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ማኅተም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በስልክ የተላከ ደብዳቤ ላይ ያለ ማኅተም ከሌላ ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። እዚህኛው ላይ ፊርማው በማኅተሙ ላይ አልፎ ሳለ ቀለሙ የትም አልተቀላቀለም ነበር።

ገንዘቡ ከተላከ ደግሞ ሰዓት ማባከን አያስፈልግም። ወዲያውኑ ለባንኩ መደወል ነው፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። የግብይት ቁጥሩን ሰጥቶ የተቀባዩ ሒሳብ እንዲያዝ መጠየቅ፣ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመልክቶ ለባንኩ ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልጋል፤ ባንክ በደንበኛ ቃል ብቻ የሰው ሒሳብ አያግድምና። የቴሌግራሙን ንግግር ማጥፋት አይገባም፤ ሌባው ከራሱ በኩል ከማጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት ማንሳትና የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓት መመዝገብ ይጠቅማል።

ይህ ቤት ባንክ የደረሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ብሩ ዓርብ ማታውኑ በሁለት ተከፍሎ ወደ ሌሎች ሒሳቦች ተላልፎ አልቆ ነበር። ባለቤቱ በኋላ ለሰው ሲያወሩ «ሒሳብ ክፍሉ አላጣራም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሒሳብ ክፍሉ ያችው ልጅ ናት፤ አጣርታለች፣ አልክም ብላለች፣ የላኩት እሳቸው ናቸው።