ጤና ይስጥሽ

«እማማ፣ ኢየሩሳሌም ሄደው የለመኑት ተመለሰልዎ?»
(ጧፍ ልትገዛኝ ጎንበስ ያለች የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ)

አዎን ልጄ። የመጣው ግን በዐረብኛ ስለነበረ በቁጣ መልሼ ልሰደው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በመጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የጽሕፈት መኪና ስመታ ኖርኩና ጡረታ ወጣሁ። የጡረታው ብር ወር አላደርስ ሲለኝ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ በርጩማ ዘርግቼ ጧፍና ሻማ መሸጥ ያዝኩ። ነጠላ ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ከፒያሳ ሽቅብ የሚመጣው መንገደኛ ጧፉን ሳያይ እኔን አይቶ «እግዜር ይስጥሽ እናቴ» ብሎኝ ያልፋል። ይህች ቃል በአገራችን ሁለት ፊት አላት። ለሰጠን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ምንም የማንሰጠውን ለማኝ ደግሞ «እግዜር ይስጥህ» ብለን እንሸኘዋለን። ከጉልበቴ ሕመም ይልቅ ይህችኛዋ ነበረች የምታመኝ።

በ2011 ዓ.ም. ልጄ ወጪውን ችላልኝ ለፋሲካ ከተሳላሚዎች ጋር ሄድኩ። ስለቴ አንድ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቅለትን መቋሚያ ተደግፌ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። «ጌታዬ፣ በተሰቀልክበት ቦታ አንዲት ስግደት የምሰግድበት ጤና ስጠኝ» አልኩ። ገንዘብም አልለመንኩ፣ ዕድሜም አልለመንኩ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሚያዝያ 17፣ ኻን ኤዝ ዘይት በሚባለው ገበያ ውስጥ ስናልፍ ከቡድኑ ተነጠልኩ። ዘይቱ ያው የኛው ዘይት ነው፤ ኻን ደግሞ የነጋዴ ማረፊያ ማለት ነው። በአሮጌዋ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ጣሪያ የለበሰ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ቅመሙ እንደ ጉልላት ተቆልሎ ይታያል፤ በመሐል ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ የጫነ ጋሪ ሰዉን እየገፋ ያልፋል። እኔ ለቅዳሜው ብርሃን የሚሆን ሻማ ገዝቼ ታቅፌያለሁ፤ በጌታ ዕድሜ ልክ ሠላሳ ሦስቱ በአንድ የታሰረውን፣ ለጎረቤት ጭምር ብዬ ስድስት እስር። ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ አንድ የቅመም ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩና ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ።

ባለሱቁ በዕድሜ እኔን የሚያህል ሰው ነበር። አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የዕጢኪ ልዓፍዬ፣ ያ ሐጄ» አለኝ።

በዚህ መሐል ከቡድናችን የጠፋሁትን ፍለጋ የተላከ አንድ ወጣት ደረሰ። መርካቶ ከጎረቤቶቹ የለቀማት ጥቂት ዐረብኛ ነበረችው፤ ክፋት የለውም፣ ችግሩ የማያውቀውንም ይተረጉማል። «ምን አለኝ?» አልኩት። «ይስጥሽ ነው የሚሉት» አለኝ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን እናንተ ገምቱት። ባሕር ተሻግሬ፣ በክርስቶስ መቃብር አጠገብ፣ ያችው ቃል ጠበቀችኝ! ዕለቱን እንኳ አላከበርኩም። «እኔ ለማኝ አይደለሁም!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩበት። ይህም አልበቃኝም፤ ገንዘብ እንዳለኝ ይወቅ ብዬ ሃያ ሰቅል አውጥቼ ከፊቴ ወዳለው ጆንያ ጠቆምኩ። ሰውየው ግራ እየገባው መዝኖ ሰጠኝ። ሰሊጥ ነበር። የሁመራ ሰሊጥ ወደዚያ አገር እንደሚላክ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ምናልባት ያገሬን ሰሊጥ ከኢየሩሳሌም ገዝቼ ተሸክሜአለሁ።

ከገበያው ወደ ዴር ሱልጣን የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ለካ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው። ልጁ ሻማውን ተሸክሞልኝ እያረፍኩ ወጣሁ። ገዳማችን ያለው ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው፤ ትንንሽ የጭቃ ጎጆዎች፣ ዝቅ ያሉ በሮች። አንዲት የወሎ ሴት እማሆይ ውኃ ሰጡኝና የተኮማተረ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ያለሽን እንዳለ ድገሚልኝ» አሉ።

ጆሮዬ የያዘውን ያህል ደገምኩ። እማሆይ ፈገግ ብለው ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ግማሹን በልተህባታል። የዕጢኪ ይስጥሽ ነው፤ እሱስ ልክ ነህ። ምን ይስጥሽ እንዳላት ግን አልሰማህም። ዓፍያ ጤና ነው። የኛ አገር እስላሞች አፊያ ነህ ወይ ሲባባሉ ሰምተህ አታውቅም?» ከዚያ ለኔ አስረዱኝ። ለለማኝ የሚባለውና ይህ አንድ ግስ ይዘው በየፊናቸው የሚሄዱ ናቸው። ለማኙን ሲሸኙት «አላህ የዕጢክ» ብለው እዚያው ያቆማሉ፤ ምን እንደሚሰጠው አይናገሩም። «ልዓፍዬ» ከተከተለች ግን ሰላምታ ነው፤ ሥራ ላይ ላለ፣ ሸክም ለያዘ፣ ለደከመ ሰው የሚባል። በርቱ እንደምንለው፣ ጤናም አብሮበት። ባለሱቁ ያየው የታቀፍኩትን ሸክም እንጂ ነጠላዬን አልነበረም። «ያ ሐጄ» ያለኝም ለተሳላሚ አሮጊት የሚሰጥ ክብር ነው። መልሱ ደግሞ «አላህ ይዓፊክ» ነው፤ አንተንም ጤና ያድርግህ።

እማሆይ ጨዋታ ያውቃሉና አንድ ነገር ጨመሩ። «ይህን ሰላምታ ተምሬአለሁ ብለሽ ሞሮኮ ብትሄጂ ግን ጉድ ይፈላል። እዚያ ዓፍያ የሚሉት እሳትን ነው። እሳት ይስጥህ ብለሽ መርገምሽ ነው!»

ሁሉም ሲስቅ እኔ ዝም አልኩ። ጤና ስጠኝ ብዬ ነበር የመጣሁት። ጤና ይስጥሽ ተባልኩ፤ በገበያ መሐል፣ ሃይማኖቴን በማይጋራ ሰው አፍ። እኔም ገንዘብ አውጥቼ ሰደብኩት። የገዛ አገሬ ሰላምታስ ጤና ይስጥልኝ አይደል? ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ጸሎት መሆኑን ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ስቅለት ከእማሆይ ጎን ቆምኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ታጠፈ። እጄ ድንጋዩን ነካ፤ ግንባሬም ነካ። አሥራ ሁለት ጊዜ እንደሰገድኩ የነገሩኝ እማሆይ ናቸው፤ እኔ ከሦስተኛው በኋላ መቁጠሩን ትቼው ነበር። እውነቱን መናገር ስላለብኝ፣ ዛሬም ደረጃ ስወጣ ያመኛል። የለመንኩት ግን ያን ነበር፤ ተሰጠኝ።

ሰኞ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውየው ሲያየኝ ፈንጠር አለ፤ እንደገና የምጮህ መስሎታል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩትን «አላህ ይዓፊክ» አልኩት። አራት ቀን የዘገየ መልስ! ትንሽ ቆሞ አየኝና ገባው። ከውስጥ በርጩማ አወጣ፤ አቧራውን በመዳፉ ጠረገልኝ።

አሁን ይኸው ጊዮርጊስ ደጃፍ በራሴ በርጩማ ላይ ነኝ። ባለፈው ሃያ ሦስት አንድ ጎልማሳ እየተቻኮለ «እግዜር ይስጥሽ እናቴ» ብሎኝ ሊያልፍ ሆነ።

«አሜን ልጄ፣ ጤናውን ለሁለታችን ይስጠን» አልኩት። «ጧፉ ግን አሥር ብር ነው።»

ተመልሶ ሦስት ገዛኝ።