አፍንጫው ተከፍቶም ጡት እምቢ ሲል

ስለት አለብኝና ነው የምጽፈው። «ልጄን ካተረፍሽልኝ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብዬ ለእመቤቴ ቃል ገብቼ ነበር።

ልጄ ሲወለድ ደህና ነበር። በ25ኛው ቀኑ እህቱ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዛ መጣች። በማግስቱ የእሱም አፍንጫ ተዘጋ። በዚያ ዕድሜ ሕፃን በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ ትንሽ ንፍጥ እንኳ ያስጨንቀዋል። ጡት ይይዛል፣ ሁለት ሦስቴ ይስባል፣ ትንፋሽ ያጥረውና ለቆ ያለቅሳል። ርቦታል እኮ፤ ግን መጥባትና መተንፈስ አንድ ላይ አልሆንለት አለ።

የምታርሰኝ እናቴ ለጋ ቅቤ አቅልጣ መጣች። «አፍንጫው ውስጥ ጠብ እናድርግለት፤ እናንተንም እንዲሁ ነው ያሳደግኳችሁ» አለችኝ። ለእናቴ እምቢ ማለት ከባድ ነው። «እማዬ፣ ወደ ሳንባው ቢወርድስ?» ብዬ ልጄን አቅፌ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቅቤም ሆነ ዘይት በአፍንጫ ገብቶ ሳንባ ከደረሰ ሌላ በሽታ እንደሚያመጣ ሲስተሯ ስትነግረኝ፣ እናቴን እንኳን አልሰማኋት አልኩ።

ሲስተሯ ደረቱን አዳመጠችና የጨው ውሃ ጠብታ እንድገዛ አዘዘችልኝ። 0.9 በመቶ የሚለው ነው፤ መድኃኒት የሌለው ተራ የጨው ውሃ። ለትልልቅ ሰዎች የሚሸጠውን አፍንጫ መክፈቻ ግን እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። አደራረጉንም እዚያው አሳየችኝ። እጄን እታጠባለሁ፣ ብልቃጡን መዳፌ ውስጥ ይዤ ቅዝቃዜውን አስለቅቀዋለሁ። ልጁን በጀርባው አስተኝቼ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ጫፉን ሳላስነካ። አንድ ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ ንፍጡ ይላላል። ያን ጊዜ የወጣውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። የጎማ መምጠጫ ያለው ሰው መጀመሪያ ውጭ ጨምቆ፣ ጫፉን ብቻ አስገብቶ ቀስ ብሎ ይልቀቅ። መምጠጡ ግን በቀን ከሦስት አራት ጊዜ በላይ አይሆንም፤ ያቆስላል፣ ያሳብጣል። ይህ ሁሉ ከማጥባት አሥር ደቂቃ በፊት ነው።

ሠራ! ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታውን እያደረግሁ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አጠባሁት።

ልወጣ ስል ሲስተሯ የነገረችኝን ግን ልብ በሉልኝ። «ጠብታው የሚከፍተው አፍንጫ ነው፤ ሳንባ አይከፍትም። አፍንጫው ተከፍቶ ጡት እምቢ ካለሽ ትንፋሹን ቁጠሪ» ነበር ያለችኝ።

በ28ኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠብታውን አደረግሁለት፤ ንፍጡም ወጣ። አየሩ በደንብ ሲገባ ይሰማኛል። ጡቴን ከንፈሩ ላይ ባደርግለት ግን አፉን አልከፈተም። አላለቀሰምም። ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ። ከምሽት ጀምሮ ሽንት ጨርቁም እንደ ደረቀ ነበር።

ልብሱን ገልጬ የስልኬን ሰዓት አስነሳሁና ሆዱ ብድግ ባለ ቁጥር ቆጠርኩ፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ። 66። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምኩት፤ 68። ሲስተሯ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አትጠብቂ ብላኛለች። አየር በሳበ ቁጥር ደግሞ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል።

«ትኩሳት የለውም እኮ፤ ይንጋና ጠበል እንወስደዋለን» አለች እናቴ። በእርግጥም አልሞቀውም፤ እንዲያውም እግሩ ቀዝቅዟል። ለካ እንዲህ ያለ ጨቅላ በጠና ታሞም ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ መቀዝቀዙም ራሱ ምልክት ነው።

አራስ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም። ሥዕሏ ፊት ቆሜ «አንቺም ልጅ ታቅፈሽ በሌሊት ተሰደሻል፤ መንገድ ስጪኝ» አልኳት። ባለቤቴ የጎረቤታችንን በር አንኳኳ። ጎረቤታችን የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሌሊት ቤቱ አይገኝም። የዚያን ዕለት ጎማው ፈንድቶበት በጊዜ ገብቶ፣ ቀይሮ ተኝቷል። እኔ ይህን አጋጣሚ አልለውም።

ሆስፒታል ስንደርስ እግሩ ጣት ላይ መሣሪያ አሰሩ፤ ኦክስጅኑ 84 በመቶ ብቻ ነው። ወዲያው ኦክስጅን ሰጡት። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሦስት ቀን ያለብኩትን ወተት በቀጭን ቱቦ ወሰደ፤ ሰባት ቀን መርፌ ተወጋ። በአራተኛው ቀን ጡቴን ራሱ ፈልጎ ሲይዝ ከጎኔ የተኛችው እናት እልል አለች፤ የራሷ ልጅ ገና ኦክስጅን ላይ ነበር።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ስለቴን፣ ጃንጥላውን፣ እናቴ ናት ይዛ የገባችው። ውሃው ሲነካው ጮኸ፣ አፍንጫው በእንባና በንፍጥ ተሞላ። ጠረግሁለትና ጡቴን ሰጠሁት። ሳይለቅ ጠባ።