26 ዲግሪ ያወጣሁበት ሳምንት

አዲስ አበባ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። በቦይለር እንፋሎት ውሃ ከሚያሞቀው ሂት ኤክስቼንጀር ጎን መንትያው ሊገጠም ነበር። ግዢ ክፍል ውሃው ስንት ዲግሪ ሆኖ እንደሚወጣ በስሌት አስደግፈህ አምጣ አለኝ።

መረጃ መሰብሰቡ ግማሽ ቀን ፈጀ። ውሃው በሰከንድ 2 ኪሎ ይፈሳል፤ በ20 ዲግሪ ይገባል። የኤክስቼንጀሩ ሙቀት የማሳለፍ ብቃት፣ UA፣ በዲግሪ 9 ኪሎዋት ነው። የእንፋሎቱ ጌጅ 1 ባር ያሳያል። የከተማችን አየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ድምሩ 1.77 ነው፤ እንፋሎቱ 116 ዲግሪ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል። እንደ ባሕር ጠረፍ 1 ከደመራችሁ 120 ብላችሁ ትሳሳታላችሁ።

የተበላሸው ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ ለሁለቱም ወገን ፍሰትን በ cp፣ ማለትም አንድ ኪሎን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ በሚፈጀው ሙቀት፣ አባዝተህ ሙላ ይላል። ለውሃው 8.36 ሞላሁ። ለእንፋሎቱም cp 2.1 መሆኑን ከሰንጠረዥ ፈልጌ በ0.24 ኪሎ አባዛሁ፤ 0.5 መጣ። ትንሹ እሱ ነው ብዬ Cmin አደረግሁት። UA ለ Cmin ሲካፈል የሚመጣው NTU 18 ሆነ፤ ሊተላለፍ ከሚችለው ሙቀት ምን ያህሉ እንደተላለፈ የሚነግረው ኤፌክቲቭነስ፣ ε፣ 1 ሞላ። መውጫው 26 ዲግሪ!

ለእግር መታጠቢያም አይበቃ። "ኤክስቼንጀሩ አንሷል" ብዬ ስፋቱን እጥፍ አደረግሁ። ያው 26። ሦስት እጥፍ አደረግሁ። ያው 26። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ፤ ስፋት ጨምሮ ምንም የማይለወጥ መልስ ይጠረጠራል። እኔ ግን ሦስት ቀን ደርቄ አለቃዬን ትልቅ እንዲገዛ ስለምን ሰነበትኩ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የቦይለር ክፍሉ ጋሼ ወረቀቴን አዩና ምንም አላሉም። ነባሩ ጋ ወስደው ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ወለወሉልኝ። 83።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ በኪሎ 2,200 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል፤ ሙቀቱ ግን ከ116 ንቅንቅ አይልም። አንድ ዲግሪ ሳይወርድ ያን ሁሉ ከሰጠ፣ አቅሙ ወሰን የለውም ማለት ነው። ስለዚህ Cmin ሁልጊዜ ውሃው ነው፤ የትንሹ ለትልቁ ጥምርታ፣ Cr፣ ዜሮ ይሆናል። ፍሰቱ ትይዩ ይሁን ተቃራኒ ለውጥ የለውም።

```
NTU = 9 / 8.36 = 1.08
ε = 1 − exp(−1.08) = 0.66
T = 20 + 0.66 × (116 − 20) ≈ 83
```

ይህ የሚሠራው ቧንቧዎቹ በእንፋሎት ከተከበቡ ብቻ ነው። መንትያው ከተገጠመ በኋላ አንድ ጠዋት 70 አሳየ። ወደ ኋላ ሳሰላው ε 0.52፣ UA 6.1 ወጣ፤ ሲሶው ጠፍቷል። ከእንፋሎት የተለወጠውን ውሃ የሚያስወጣው ስቲም ትራፕ በከፊል ተዘግቶ የታችኞቹ ቧንቧዎች ውሃ ውስጥ ተኝተው ነበር። ከትራፑ የሚወጣው ውሃ ለብ ብሎ መምጣቱም ያስታውቅ ነበር።

የቅጹን የእንፋሎት ሳጥን ባዶ ትቼ ስልክ፣ ግዢ ክፍል "ያልተሟላ" ብሎ መለሰው። ∞ ጻፍኩ፤ "ቁጥር ብቻ" አሉኝ። 1,000,000 ጻፍኩና አለፈ።