ስም የለሹ 12 ሺህ

የመልቀቂያ ኢሜይሌን ላክሁ። አጭር ናት። የምለቅበት ቀን፣ የተሻለ የሥራ መደብ ማግኘቴ፣ ምስጋና፣ አለቀ። ምሬት አላስገባሁባትም፤ ጠፍቶኝ ግን አይደለም። መጨረሻዋ ላይ «ወሩን ዘግቼ፣ ከተተኪዬ ጋር ቁጭ ብዬ አስረክባለሁ» አልኩ። አለቃዬ «ዝርዝሩን አዘጋጂልን» ብሎ መለሰ። ደስታም ቅሬታም የለውም። ትንሽ ከፋኝ መሰለኝ።

ዝርዝሩን ጀመርኩ። ፔቲ ካሹን አብረን ቆጥረን እንፈራረማለን። ፓስወርዴን ግን አልሰጥም። ለተተኪዬ በራሱ ስም መግቢያ ይከፈትለት፣ የእኔ በለቀቅሁ ቀን ይዘጋ። ያለዚያ ከሄድኩ በኋላ የሚመዘገበው ሁሉ በእኔ ስም ይሆናል።

የባንክ ማስታረቂያው ላይ ስደርስ ነገሩ ያዘኝ። የባንኩ ስቴትመንት 412 ሺህ ይላል፣ የእኛ መዝገብ ሌጀሩ ደግሞ 370 ሺህ። የ42 ሺህ ልዩነት ላየው ያስደነግጣል። 30 ሺው ጽፈን የሰጠነው፣ ባለቤቱ ግን ገና ያልመነዘረው ቼክ ነው። ከስቴትመንቱ ሲቀነስ 382 ሺህ ይቀራል። ሌላው 12 ሺህ ባንክ ገብቶ እኛ ያልመዘገብነው ነው። ማን እንዳስገባው አይታወቅም።

ተተኪዬ ምን እንደሚያደርግ ከአሁኑ ይታየኛል። የተሰብሳቢውን ዝርዝር ይከፍታል። ልክ 12 ሺህ ያለበት አንድ ደንበኛ ያገኛል። እፎይ ብሎ እዚያ ላይ ይመዘግበዋል፣ ሒሳቡም ይታረቃል። እኔ ግን ያንን ደንበኛ አውቀዋለሁ፤ ሲከፍል ሁልጊዜ ደውሎ ያሳውቃል። ሌላ ደንበኛ አለ፣ የ7,400 እና የ4,600 ሁለት ኢንቮይስ ያልከፈለ። እሱ ደግሞ አጠራቅሞ፣ በሌላ ሰው አካውንት መላክ ይወዳል። ደምሩት።

ተሳስቶ ቢመዘገብ የተሰብሳቢው ድምር ያው ነው፣ ስለዚህ ሚዛኑ ምንም አያሳብቅም። የሚታወቀው የከፈለው ሰው የዕዳ ማስታወሻ ደርሶት እየጮኸ ሲደውል ነው። ያልከፈለው ምን ብሎ ይደውላል?

ግን እኔም ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ገንዘቡን በማንም ስም ሳላደርግ፣ ባለቤቱ እስኪታወቅ ማቆያ በሆነው ሒሳብ፣ ሰስፔንስ ውስጥ አስገባሁት። ሌጀሩም 382 ሺህ ሆነ። ባንኩ የላኪውን ማንነት እንዲነግረን ደብዳቤ አዘጋጀሁ። የርክክብ ቅጹ ላይ የሰነድ፣ የመጠንና የፊርማ ቦታ አለ፤ የጥርጣሬ ቦታ ግን የለም። ጥግ ላይ በእርሳስ «ባለ ሁለቱን ኢንቮይስ ጠይቀው» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አዲሱ መሥሪያ ቤት «በቶሎ ጀምሪልን» ነው ያለኝ። እኔም ደመወዙን ስሰማ ቦታው ለምን ክፍት እንደሆነ መጠየቅ የት ትዝ ይለኛል! ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ወዴት ሄደ? ለመሆኑ ሰስፔንሱ ውስጥ ምን ትቶልኝ ይሆን?