ጠረጴዛው ለምን ተንሸራተተ?

ዛሬ የአንድ ክፍል ፎቶ ይዤ በእጅ የተሳለ የጌም ባክግራውንድ ሳደርገው ዋልኩ። ግማሹን ቀን የበላብኝ ፎቶው ውስጥ ያልነበረ፣ ከራሴ የጨመርኩት ጠረጴዛ ነው። ለብቻው ሲታይ ያምራል፣ ክፍሉ ውስጥ ግን የሚንሸራተት ይመስላል። በመጨረሻ አዲስ ሌየር ከፍቼ የወለሉን ጣውላዎችና የጣሪያውን ጠርዝ በቀይ መስመር አስረዘምኳቸው። ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ፣ በካሜራው ከፍታ ላይ ያለው የአድማሱ መስመርም በዚያው ነጥብ ያልፋል። ከጣውላዎቹ ጋር ትይዩ መሆን የነበረባቸው የጠረጴዛዬ ጠርዞች ግን የሚገናኙት ከአድማሱ በላይ ነበር! ወደ ነጥቡ ስመልሳቸው ጠረጴዛው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። (ፎቶው በሰፊ ሌንስ የተነሳ ከሆነ ዳር ዳር ያሉት መስመሮች ይጎብጣሉ፤ መጀመሪያ እሱን አቅኑ፣ አለዚያ ነጥቡን አታገኙትም።)

ብርሃኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፎቶው ሲነሳ የመስኮቱ ብርሃን እየገባ አምፖሉም በርቶ ስለነበር ወንበሩ ሁለት ጥላ አለው። ፎቶ ላይ ልብ አይባልም፣ በብሩሽ ሲሳል ግን ዓይን ግራ ይጋባል። መስኮቱን መረጥኩና የአምፖሉን ጥላ አጠፋሁ። ብርሃን የሚያርፍበትን ገጽ ሞቅ ባለ ቀለም፣ ጥላውን ቀዝቀዝ ባለ ሰማያዊ ሳልኩት፤ የጠረጴዛውም ጥላ ከመስኮቱ በተቃራኒ ወደቀ።

ነገ ገጸ ባህሪዋን አስገባታለሁ። ካሜራው በእሷ ዓይን ከፍታ ስለነበር ወለሉ ላይ የትም ብትቆም ዓይኗ አድማሱ ላይ መዋል አለበት።