የአድጀስቲንግ ኢንትሪ ሌክቸርን ወደ ካርድ ስቀይር

የአካውንቲንግ ሌክቸሩ ሒሳብ ሲዘጋ ስለሚሠሩት የማስተካከያ ምዝገባዎች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነበር፤ በስልኬ ቀዳሁት። መጀመሪያ የሠራሁት ካርድ ብዙዎቻችን የምንሠራው ዓይነት ነው። ፊቱ ላይ «ፕሪፔድ ኤክስፔንስ ምንድን ነው?»፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ። ሠላሳ ምናምን ካርድ ወጣኝ፣ ሁሉንም ሸመደድኩ። ከዚያ አንድ የመልመጃ ጥያቄ አውጥቼ ስቀመጥ ትርጉሙን በቃሌ እየወጣሁት የቱን ዴቢት፣ የቱን ክሬዲት እንደማደርግ ግን አላወቅሁም።

ካርዶቹን ትቼ ቅጂውን እንደገና ከፈትኩ። በዚህኛው ዙር ትርጉም መጻፍ አቆምኩና መምህሩ ሰሌዳው ላይ ኢንትሪ በጻፈ ቁጥር ብቻ እያስቆምኩ ሦስት ነገር ያዝኩ፦ ምን እንደተከናወነ፣ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ከመጻፉ በፊት በአፉ ምን እንዳለ። ሦስተኛው ነው ትልቁ ነገር። ደብተሬ ውስጥ ኢንትሪዎቹ ሁሉ አሉ፤ «ይሄን ያደረግነው እኮ…» ብሎ የተናገረው ግን አንዱም የለም። እሱ ሲያወራ እኛ ሰሌዳውን እየገለበጥን ነበር።

አንድ ሉክ ለአራት እየቀደድኩ፣ ለአንድ ኢንትሪ አንድ ካርድ። ፊቱ ላይ ድርጊቱ ከነቀኑና ከነብሩ፣ ጀርባው ላይ ኢንትሪው፣ ከሥሩ ምክንያቱ። ጥሩ ሄደ፣ ኪራዩ ጋ እስክደርስ።

የሌክቸሩ ምሳሌ እንዲህ ነበር። አንድ ሱቅ ሚያዝያ 1 የስድስት ወር ኪራይ 36,000 ብር በቅድሚያ ከፈለ፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሦስት ወር ተኖረበት፣ ስለዚህ፦

ዴቢት፦ የኪራይ ወጪ 18,000
ክሬዲት፦ ፕሪፔድ ሬንት 18,000

ካርዱን ጻፍኩት፣ ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያዝኩት። ከዚያ አብራኝ የምታጠና ልጅ ከሌላ ወርክሺት ተመሳሳይ ጥያቄ አመጣችልኝ። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ክፍያው ሲፈጸም በሙሉ ወጪ ተብሎ ተመዝግቧል»። ሳላመነታ ያንኑ ኢንትሪ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ። መልሱ የኔ ግልባጭ ነበር፣ ፕሪፔድ ዴቢት፣ ወጪ ክሬዲት።

ካርዴ የጎደለው ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የሰኔ 30ው ኢንትሪ በሚያዝያ 1ዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገንዘቡ ሲወጣ ፕሪፔድ፣ ማለትም ሀብት ተብሎ ከተያዘ ያለቀውን ወደ ወጪ እናሻግራለን፤ በሙሉ ወጪ ተብሎ ከተያዘ ደግሞ ያላለቀውን ወደ ሀብት እንመልሳለን። የመጀመሪያውን ምዝገባ ካርዱ ላይ ካላሰፈርኩ የያዝኩት ኢንትሪ እንጂ አሠራር አይደለም።

ሌላም ነገር አየሁ። በሌክቸሩ ቁጥር ያለቀውም 18,000፣ የቀረውም 18,000 ነው። ወርን ተሳስቼ የቀረውን ባሻግር እንኳ ካርዱ «ልክ ነህ» ይለኛል። ስለዚህ ቁጥሩን ቀየርኩ፦ ክፍያው ግንቦት 1። እስከ ሰኔ 30 ሁለት ወር፣ 12,000 አለቀ፤ የአራት ወር 24,000 ቀረ። ካርድ የምትሠሩ ሰዎች፣ እኩል የሚካፈል ቁጥር አትጠቀሙ። ስህተት ይደብቃል።

አሁን ምክንያቱን የምጽፈው በሦስት ጥያቄ ነው፦ ሌጀሩ አሁን ስንት ይላል? ስንት ማለት ነበረበት? ልዩነቱ ወዴት ይሂድ?

ወጪ ተብሎ የተመዘገበውን በዚህ ልሥራላችሁ። ሌጀሩ የኪራይ ወጪ 36,000፣ ፕሪፔድ ዜሮ ይላል። ማለት የነበረበት ወጪ 12,000፣ ፕሪፔድ 24,000 ነው። ወጪው በ24,000 በዝቷል፣ ሀብቱ በ24,000 አንሷል። ስለዚህ፦

ዴቢት፦ ፕሪፔድ ሬንት 24,000
ክሬዲት፦ የኪራይ ወጪ 24,000

ሀብት ተብሎ ለተመዘገበው ያው ጥያቄ ሲጠየቅ ወጪ ዴቢት 12,000፣ ፕሪፔድ ክሬዲት 12,000 ይወጣል። ሁለቱ ካርዶች መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ወጪ 12,000፣ ሀብት 24,000። ይህን የመጨረሻ ባላንስ ሁለቱም ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ፤ ካልተገናኙ አንዱ ጋ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

የተሳሳትኩትን ኢንትሪም አልጣልኩትም፣ ለብቻው ካርድ ሆኗል። ወጪ ተብሎ በተመዘገበው ላይ እንደገና ወጪ ዴቢት 12,000 ብናደርግ የኪራይ ወጪው 48,000 ይሆናል። የተከፈለው እኮ 36,000 ብቻ ነው! ፕሪፔድ ሬንት ደግሞ የ12,000 ክሬዲት ባላንስ ይዞ ይቀመጣል፤ ሀብት ሆኖ ክሬዲት። የሚገርመው ትራያል ባላንሱ ይገጥማል። ዴቢቱም ክሬዲቱም እኩል ስለገባ ምንም አይጮኽም። ስህተቱን የሚያሳየው የቲ አካውንቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሁን ከእያንዳንዱ ኢንትሪ ሥር ትንሽ ቲ አሰምራለሁ።

የደመወዝ ካርዱ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍተት ነበረብኝ። ሠራተኞች በሳምንት ስድስት ቀን ሠርተው ቅዳሜ ቅዳሜ 18,000 ብር ይከፈላቸዋል፣ በቀን 3,000 መሆኑ ነው። ሰኔ 30 ማክሰኞ ላይ ዋለ። የሰኞና የማክሰኞ ሥራ ተሠርቷል፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም፦

ዴቢት፦ የደመወዝ ወጪ 6,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ደመወዝ 6,000

ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ካሽ ክሬዲት አደርግ ነበር። ካሽ የሚነካው ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ነው፣ ማክሰኞ ማታ ከካዝናው የወጣ ነገር የለም። ይህን ለማረም ብዙም አልፈጀብኝም። ያስቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ሌክቸሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው። ቅዳሜ ሐምሌ 4 ሙሉው 18,000 ሲከፈል ምን ይጻፋል? እኔ በሙሉ ወጪ አድርጌው ነበር። እንዲህ ከሆነ የሁለቱ ቀን 6,000 በአሮጌው ዓመትም በአዲሱም ወጪ ሆኖ ይቆጠራል፣ ዕዳውም ሳይዘጋ ይቀራል። ሦስቱን ጥያቄ ስጠይቅ ግን ይቃናል፦ የተከፋይ ሒሳቡ 6,000 ይላል፣ ከክፍያው በኋላ ዜሮ ማለት አለበት፤ የአዲሱ ዓመት ወጪ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ያለው የአራት ቀን ብቻ ነው።

ዴቢት፦ ተከፋይ ደመወዝ 6,000
ዴቢት፦ የደመወዝ ወጪ 12,000
ክሬዲት፦ ካሽ 18,000

(በሐምሌ መጀመሪያ የሰኔ 30ውን የሚገለብጥ ሪቨርሲንግ ኢንትሪ ከተሠራ ይሄኛው ይለወጣል። ያንን ገና ካርድ አላደረግኩትም፤ ሁለቱን አብሬ ብይዝ እንደምደባልቃቸው አውቃለሁ።)

እስካሁን አሥራ አራት ካርድ አለኝ፣ ከሠላሳው በግማሽ ያነሰ። አንዱን ካርድ ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ አብዛኛውም ምክንያቱ ላይ ነው የሚሄደው። ስለማመድ ኢንትሪውን በወረቀት እጽፋለሁ፣ ምክንያቱን ደግሞ ድምፄን አውጥቼ እናገራለሁ፤ ኢንትሪው ልክ ሆኖ ምክንያቱ ከተንተባተበብኝ ካርዱን እንዳልቻልኩት ቆጥሬ ወደ ታች እመልሰዋለሁ። የእርጅና ቅናሹ አሁንም ከታች ነው። ማሽኑን በቀጥታ ክሬዲት ከማድረግ አኪዩሙሌትድ ዲፕሪሲዬሽን የምንለውን ለብቻው የምንይዘው የተገዛበት ዋጋ ሳይነካ እንዲታይ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ስናገረው ግን ይጠፋብኛል።

የሚቀጥለውን ካርድ ፊቱን ብቻ ጽፌዋለሁ። አንድ የማስጠኛ ቤት ሰኔ 1 የአምስት ወር ክፍያ 50,000 ብር ተቀብሎ በሙሉ ገቢ ብሎ መዝግቧል። ሒሳቡ የሚዘጋው ሰኔ 30። ጀርባውን እሁድ እሞላዋለሁ፣ እስከዚያ የሞከራችሁ ኢንትሪውን ከነምክንያቱ ጻፉልኝ።